በሁለት ፖስታ የሚገባ ምሳ

አንድ ትልቅ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ምግብ የሚያቀርብለት ድርጅት በጨረታ ሲፈልግ፣ ተጫራቾች ብዙውን ጊዜ ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ያስገባሉ፤ አንዱ የቴክኒክ፣ ሌላው የዋጋ። መጀመሪያ የሚከፈተው የቴክኒኩ ነው። እዚያ ላይ የማለፊያ ነጥብ ያላገኘ ተጫራች የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለታል። ዋጋውን በስህተት የቴክኒኩ ሰነድ ውስጥ ያስገባም ከውድድር ሊሰረዝ ይችላል።

ብዙ የቴክኒክ ሰነዶች «ጥራት ያለው ምግብ በሰዓቱ እናቀርባለን» በሚል ቃል ተሞልተው ይቀርባሉ። ገምጋሚ ለእንዲህ ዓይነት ቃል ነጥብ መስጠት ይቸግረዋል፤ የሚፈልገው ስሌት ነው።

ለምሳሌ 800 ሠራተኞች በአንድ ሰዓት ውስጥ ምሳ የሚበሉበትን ፋብሪካ እንውሰድ። አንድ ሰው ምግቡን ተቀብሎ ለማለፍ 10 ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ አንድ የማስተናገጃ መስመር በደቂቃ 6 ሰው ያሳልፋል። ሦስት መስመር ቢዘረጋ 800ውን ለማስተናገድ 44 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መጨረሻ የተሰለፈው ሠራተኛ ለመብላት የሚቀረው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። በአራት መስመር ግን ሥራው በ33 ደቂቃ ግድም ስለሚያልቅ ለእሱም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይተርፈዋል። ይህንን አስልቶ፣ ለአራቱ መስመሮች ስንት አስተናጋጅ እንደሚመድብ የጻፈ ተጫራች ሥራውን እንደሚያውቅ አሳይቷል።

ምናሌውም እንደዚሁ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት አሉ። ስለዚህ የጾምና የፍስክ ምናሌ ለየብቻ፣ የወጡ መጠን በግራም፣ ድስቱና ጭልፋውም እንደማይቀላቀል መገለጽ አለበት። ክርስቲያንና ሙስሊም ሠራተኞች አብረው በሚበሉበት ቦታ የሥጋው እርድ ጉዳይም አይታለፍም። ሁለት ዓይነት ሥጋ በተለያየ ማብሰያ እንደሚዘጋጅ ካልተጻፈ፣ ከሠራተኛው ከፊሉ የፍስክ ቀን ላይ ሽሮ ብቻ ሊቀረው ይችላል።

የዋጋው ፖስታ ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ተጫራቹ ለአንድ ሰሃን ምግብ 150 ብር ይበቃኛል ብሎ ጻፈ እንበል። የጨረታ ሰነዱ «ዋጋ ታክስን ያካተተ ነው» የሚል ከሆነና ተጫራቹ ታክሱን ካልደመረ፣ እጁ የሚገባው 130 ብር ከ43 ሳንቲም ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ሰሃን 19 ብር ከ57 ሳንቲም ይጎድልበታል። በወር 26 የሥራ ቀን ለ800 ሰው ሲባዛ ጉድለቱ ከ400 ሺህ ብር ያልፋል። ውል ከተፈረመ በኋላ ይህንን ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው።

የጤፍ፣ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ በዓመት ውስጥ ሲንር ምን ይደረጋል? ሰነዱ ስለ ዋጋ ማስተካከያ ዝም ካለ፣ ተጫራቹ ለጥያቄ የተሰጠው ጊዜ ሳያልፍ በጽሑፍ ይጠይቅ። መልሱ «ዋጋው አይቀየርም» ከሆነ፣ ጭማሪውን ከወዲሁ በሰሃኑ ዋጋ ውስጥ ያስላ፤ ካላዋጣው ደግሞ ጨረታውን ይተወው።