አራት ነጥብን የማያውቅ ማጣሪያ

አንድን ጽሑፍ ከኢንተርኔት ላይ ከነገጹ ኮምፒውተር ውስጥ ስናስቀምጥ የምናገኘው አንድ የ`.html` ፋይልና ስሙ በ`_files` የሚያልቅ ፎልደር ነው። ፎልደሩ ሲከፈት ከጽሑፉ ፎቶዎች ጋር የማስታወቂያ ምስሎች፣ የገጹን መልክ የሚወስኑ ፋይሎችና በርካታ ስክሪፕቶች ተደባልቀው ይገኛሉ። ስክሪፕት ብራውዘሩ ገጹን ሲከፍት የሚፈጽመው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ማስታወቂያውን የሚጠራው፣ ጎብኚውን የሚቆጥረው፣ ኩኪ እንድንፈቅድ የሚጠይቀውን መስኮት ፊታችን የሚደቅነው እሱ ነው። ፋይሉን ከወራት በኋላ ስንከፍተው ትእዛዞቹ እንደገና ሊነሡ ይችላሉ፤ መስኮቱ ተመልሶ ይመጣና የምንፈልገው ጽሑፍ ከጀርባው ተሸፍኖ ይቀራል።

ለማኅደር፣ ለማተም ወይም ለሰው ለመላክ የምንፈልገው ግን ርዕሱን፣ የጸሐፊውን ስም፣ ቀኑን፣ አንቀጾቹንና ፎቶዎቹን ብቻ ነው። ይህን ለይቶ የማውጣቱ ሥራ ግማሹ ቀላል፣ ግማሹ ግን ግምት ነው። የአንድ ገጽ ውስጡ አሳጥረን ስናየው ይህን ይመስላል፦

```html
<nav>መነሻ | ስፖርት | ኢኮኖሚ</nav>
<div class="sidebar">በብዛት የተነበቡ</div>
<div class="post">
  <p>የጽሑፉ አንቀጽ</p>
</div>
<script src="ads.js"></script>
```

`script` የሚለው ምልክት ስክሪፕት፣ `nav` ደግሞ ሜኑ መሆኑን በግልጽ ስለሚናገሩ ያለ ጥርጥር ይወገዳሉ። ችግሩ ያለው `div` ላይ ነው። `div` ማለት ሳጥን ማለት ብቻ ነው፤ ውስጡ ጽሑፍ ይሁን ማስታወቂያ አይናገርም። አብዛኛው ገጽ የሚሠራው በእነዚህ ሳጥኖች ስለሆነ፣ አጽጂው ፕሮግራም የጽሑፉ ሳጥን የትኛው እንደሆነ በራሱ መፍረድ አለበት።

በዚህ ፍርድ ስሙ የሚነሣው ሪዳቢሊቲ የተባለው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አርክ90 የተባለ የአሜሪካ ድርጅት አወጣው፤ በዓመቱ አፕል ሳፋሪ ላይ ለጨመረው የንባብ ገጽታም መነሻ ሆነ። ዛሬ ሞዚላ የሚንከባከበው ቅጂ በፋየርፎክስ የንባብ ገጽታ ውስጥ ይሠራል፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ጽሑፍ የሚያስቀምጡ ሌሎች ብዙ መሣሪያዎችም ይጠቀሙበታል።

ፕሮግራሙ የጽሑፉን ትርጉም አይረዳም፤ ነጥብ ይሰጣል። ከ25 ፊደል ያነሰ አንቀጽ አይቆጠርለትም። ለቀረው ለእያንዳንዱ አንቀጽ 2 መነሻ ነጥብ ይሰጥና፣ በውስጡ ላለ ለእያንዳንዱ ነጠላ ሰረዝ 1፣ ለእያንዳንዱ 100 ፊደልም 1 ይጨምራል፤ በርዝመት የሚገኘው ግን ከ3 አይበልጥም። የአንቀጹ ነጥብ ለያዘው ሳጥን ይደመራል፤ ግማሹ ደግሞ ያንን ሳጥን ለያዘው ለትልቁ ሳጥን ይሄዳል። የሳጥኑ ስም `post` ወይም `article` ከሆነ 25 ይጨመርለታል፤ `sidebar` ወይም `footer` ከሆነ 25 ይቀነስበታል። በመጨረሻም ከሳጥኑ ጽሑፍ ምን ያህሉ ሊንክ እንደሆነ ታይቶ ነጥቡ በዚያው መጠን ይወርዳል። ሜኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊንክ ስለሆነ ነጥቡ ዜሮ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ማስተዋል ሳያስፈልግ በዚህ ቀላል ስሌት ይህን ያህል መሥራቱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሆኖም ስሌቱ የተለካው በላቲን ፊደል ነው። የመጀመሪያው ቅጂ የሚቆጥረው የእንግሊዝኛውን ኮማ ብቻ ነበር፤ ኋላ ላይ የዓረብኛው፣ የቻይንኛውና የሌሎች ጽሕፈቶች ተጨመሩ። እኔ በማውቀው የሞዚላ ኮድ ዝርዝር ውስጥ የእኛ «፣» የለችም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 340 ፊደልና 4 ኮማ ያለው የእንግሊዝኛ አንቀጽ 2፣ 4ና 3 ተደምሮለት 9 ያገኛል። ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ስለሚይዝ ያጥራል፤ 210 ፊደል ሆነ እንበል። መነሻው 2፣ ርዝመቱ 2፣ ነጠላ ሰረዞቹ ምንም፤ ድምሩ 4 ብቻ ነው።

በገጹ ላይ ያለው ሁሉ አማርኛ ከሆነ ሁሉም እኩል ስለሚጎዳ አሸናፊው ያው ጽሑፉ ሊሆን ይችላል። የሳጥኑ ስም የሚያመጣው 25 ግን በየትኛውም ቋንቋ 25 ነው። ገጹን የሠራው ባለሙያ ጽሑፉን በስሕተት ቅናሽ የሚያመጣ ስም ባለው ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው፣ ሦስት የእንግሊዝኛ አንቀጾች 27 አምጥተው ቅናሹን ያካክሳሉ፤ አማርኛው ግን ስድስት አንቀጽ ቢኖረውም 24 ላይ ይቆማል። ስለ ኩኪና ስለ ግል መረጃ የሚያትት፣ ኮማ የበዛበት የእንግሊዝኛ ሐተታ እዚያው ገጽ ላይ ካለም ከጽሑፉ ጋር መፎካከር ይጀምራል።

ከዚህ የከፋው የአራት ነጥብ ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ አሸናፊውን ሳጥን ከመረጠ በኋላ አጠገቡ የቀሩ አንቀጾችን ያያል። አጠገብ ያለው አንቀጽ ከ80 ፊደል ካነሰ የሚያስገባው ሊንክ ከሌለበትና በእንግሊዝኛው ነጥብ የተዘጋ ዓረፍተ ነገር ካለው ነው። በ«።» የተዘጋው አጭር አንቀጻችን በዚህ መለኪያ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ይጣላል። የሚጠፉት ታዲያ ከዋናው ሳጥን ውጭ የተቀመጡ አጫጭር መግቢያዎችና መዝጊያዎች ናቸው። የጸዳው ሰነድ ሙሉ መስሎ ስለሚታይ ከዋናው ጋር ያላስተያየ ሰው ጉድለቱን አያውቅም።

አጭር ዜና ደግሞ በተቃራኒው ይቸገራል። የተገኘው ጽሑፍ ከ500 ፊደል ካነሰ ፕሮግራሙ የተሳሳተ ይመስለውና ማጣሪያውን እያላላ ደጋግሞ ይሞክራል። በእንግሊዝኛ ከ500 የሚያልፍ ዜና በአማርኛ 350 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዜናው ሲጸዳ «በብዛት የተነበቡ» የሚለው ዝርዝር አብሮት ቢመጣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ስክሪፕት ማስወገድም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ገጾች ፎቶን የሚጭኑት አንባቢው ወደ ታች ወርዶ ሲደርስበት ነው። እስከዚያ ድረስ እውነተኛው አድራሻ `data-src` በሚባል ቦታ ተደብቆ ይቆያል፤ አውጥቶ ሥራ ላይ የሚያውለውም ስክሪፕቱ ነው። ስክሪፕቱ ቀድሞ ከተሰረዘ በፎቶው ቦታ ግራጫ ሳጥን ይቀራል። ስለዚህ ገጹን ከማስቀመጥ በፊት እስከ መጨረሻው መውረድ ይገባል። ፋይሉን በእጅ የሚያጸዳ ሰውም ከላይ ያለውን `<meta charset="utf-8">` የሚለውን መስመር እንዳይነካ። እሱ ከሄደ «ሰ» የነበረው `áˆ°` ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ መስመሩን መመለስ ፊደሉን ይመልሳል።

ጽሑፍ የምታስቀምጡ አንባቢዎች፣ ገጹ በኢንተርኔት ላይ እያለ የብራውዘሩን የንባብ ገጽታ ክፈቱ፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ፣ ንዑስ ርዕሶቹንም ከዋናው ጋር አስተያዩ። የጎደለ ከሌለ በኅትመት ትእዛዝ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ የገጹን አድራሻና ያስቀመጣችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ ያልጸዳውንም ፋይል አትሰርዙ። የአማርኛ ድረ ገጽ የምትሠሩ ደግሞ መግቢያውንም መዝጊያውንም ጨምራችሁ ጽሑፉን በአንድ `<article>` ውስጥ አስቀምጡት። ኮድ የምትጽፉ ወገኖቻችን፣ የነጠላ ሰረዛችን መለያ `\u1363`፣ የአራት ነጥባችን `\u1362` ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማሻሻያውን አዘጋጅታችሁ ለሞዚላ ላኩ።