«አልላክህም» ከማለት «አልደረሰኝም»

ወሩ 22 ደርሷል እንበል። የአንድ ፋብሪካ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ የጥገና ክፍል ኃላፊው በ20 ሊሰጣት የሚገባውን የትርፍ ሰዓት ሰንጠረዥ አሁንም እየጠበቀች ነው። ጥቅምት ላይ በ24 ነበር የደረሳት፤ ኅዳር ላይ በ25። አሁን ታኅሣሥ ነው። ትዕግሥቷ አልቆ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሰላም። እንደተለመደው ሰንጠረዡን አልላክህም። ሁልጊዜ አንተን ስንጠብቅ ነው ሥራችን የሚበላሸው። በጊዜው መላክ ለምን እንደሚያቅትህ አይገባኝም። ዛሬውኑ እንድትልክ በጥብቅ አሳስባለሁ።»

ንዴቷ ተገቢ ነው። መልእክቱ ግን ሰንጠረዡን አያመጣላትም። ሰውየው ሲያነበው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው «ሁልጊዜ» ላይ ነው፤ መስከረም ላይ በ19 እንደላከ ያስታውሳልና። ስለዚህ መልስ ሲጽፍ «የመስከረሙን ከቀኑ ቀድሜ አላክሁልሽም?» ብሎ ይጀምራል። ክርክሩ ስለ ታኅሣሥ ሰንጠረዥ መሆኑ ይቀርና ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነው ወደሚለው ይዞራል። በዚህ መሃል አንድ ቀን ያልፋል።

በጽሑፍ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ክሩገር፣ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢሜይል የጻፉ ሰዎች ከምራቸው ይሁን በምጸት አንባቢው ከመቶ ወደ 78 በሚጠጋው ጊዜ ይለየዋል ብለው ገምተው ነበር። አንባቢዎቹ በትክክል የለዩት ግን ከመቶ 56 ያህሉን ብቻ ነው፤ በዘፈቀደ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ጸሐፊው ድምፁን በራሱ ጆሮ እየሰማ ይጽፋል፤ አንባቢው ጋ የሚደርሰው ፊደሉ ብቻ ነው። «አይገባኝም» የሚለውን እሷ በድካም ስሜት ጽፋው ይሆናል፤ እሱ ግን እንደ ንቀት ሊያነበው ይችላል።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? ከግሱ። በአማርኛ ግስ ውስጥ ሰው አለ። «አልላክህም» ያለ ሰው ጣቱን ቀስሯል። «አልደረሰኝም» ያለ ግን ስለ ራሱ ነው የተናገረው፤ ያውም ይበልጥ እውነት የሆነውን። ሰውየው ልኮት ፋይሉ ሳይያያዝ ቀርቶ፣ ወይም በሌላ ሰው በኩል ሰጥቶት እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እሷ በእርግጠኝነት የምታውቀው እጇ አለመግባቱን ነው። «አልተላከም» ማለት ግን አያለዝብም። ላኪው ማን እንደሆነ ሁለቱም ስለሚያውቁት፣ ስሙን መሸሸጉ ራሱ እንደ ሽሙጥ ይሰማል። «ግድ የለሽ እንደሆንክ ይሰማኛል» ማለትም ያው ነው፤ ስድቡ ስሜት መስሎ ቀረበ እንጂ አልቀረም።

ቀጥሎ «ሁልጊዜ»፣ «እንደተለመደው»፣ «ደግሞ» የሚሉትን ቃላት አውጥቶ በቦታቸው ቀን መጻፍ ነው። ማለዘብ እውነቱን ማድበስበስ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እዚህ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። «የጥቅምቱ በ24፣ የኅዳሩ በ25 ነው የደረሰኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከ«ሁልጊዜ» የበለጠ ከባድ ነው። ማስተባበያ የለውም፤ ሆኖም ማንንም አይሳደብም። ሰውየው ቀኖቹን አይቶ ፍርዱን ራሱ ይሰጣል።

ከዚያ መዘግየቱ ምን እንደሚያስከትል ይነገራል። «ሥራችን ይበላሻል» ማለት ለጥገና ክፍል ኃላፊው ምንም አይነግረውም። ሰንጠረዡ ከመጣ በኋላ ምን እንደሚሠራበት ምናልባት አያውቅም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት ትርፍ ሰዓት አንድ ዋጋ የለውም፦ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራው በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሌሊት የተሠራው በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራው በሁለት፣ በሕዝብ በዓል የተሠራው በሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሰዓት ከፈረቃ መዝገቡ ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት። ይህ ሁለት የሥራ ቀን ይፈጃል፤ ደመወዙ ደግሞ በ28 ወደ ባንክ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ገብቶበት መልእክቱ እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም፣ እንዴት ሰነበትክ? የታኅሣሥ የትርፍ ሰዓት ሰንጠረዥ እስካሁን አልደረሰኝም። የጥቅምቱ በ24፣ የኅዳሩ በ25 ነበር የደረሰኝ። ከፈረቃ መዝገቡ ጋር ለማመሳከር ሁለት የሥራ ቀን ስለሚያስፈልገኝ፣ በኅዳር ጊዜው አጥሮኝ የአራት ልጆችህ ትርፍ ሰዓት ወደዚህ ወር ተላልፏል። ነገ እስከ 10 ሰዓት ብትልክልኝ የሁሉም ይገባል። ካልደረሰኝ ግን የጥገና ክፍልን ደመወዝ ያለ ትርፍ ሰዓት አዘጋጅቼ እልካለሁ፤ ቀሪው በጥር ይከፈላል። በ20 ለማድረስ የሚያስቸግርህ ነገር ካለ ንገረኝ፤ አብረን እንየው።»

ከመጀመሪያው ረዝሟል፤ አንድም የሚያስቀይም ቃል የለውም፤ ግን ጠንከር ያለ ነው። ቀንና ሰዓት አለው፤ ካልሆነ ምን እንደሚሆንም ተጽፏል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ላለማስቀየም ሲል ቀኑን አብሮ ያለዝበዋል። «ሲመችህ ላክልኝ»፣ «ለማስታወስ ያህል ነው» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ነገ ሳይመጣለት ሲቀር የሚቆጣበት ምክንያት የለውም። ራሱ ነው «ሲመችህ» ያለው። «አስቸገርኩህ፣ ይቅርታ» ማለትም አያስፈልግም፤ የዘገየችው እሷ አይደለችምና። የምትለውጠው ከሳሽ ቃሉን ነው፤ የምትጠይቀው ነገር እንዳለ ይቆያል።

የመጨረሻው ጥያቄ ለይሉኝታ ብቻ የገባ አይደለም። «ለምን አቃተህ?» ሰበብ ይጋብዛል፤ «ምን ያስቸግርሃል?» ግን መልስ ሊያመጣ ይችላል። ሦስት ወር የተደጋገመ ነገር ብዙ ጊዜ ከሰውየው ስንፍና ሌላ ምክንያት አለው። በዚህ ምሳሌ ኃላፊው «ሰዓቱ የሚቆጠረው እስከ 20 ሌሊት ነው፤ የሌሊት ፈረቃው የሚወጣው በ21 ጠዋት ሆኖ ሳለ እንዴት አድርጌ በ20 ልስጥሽ?» ብሎ ቢመልስ፣ ችግሩ በሁለት ደቂቃ ተለየ ማለት ነው። ቆጠራው በ17 እንዲዘጋና የቀረው ሰዓት ወደሚቀጥለው ወር እንዲዞር ቢስማሙ ሰንጠረዡ በ20 ይደርሳል። በመጀመሪያው መልእክት ይህ መልስ አይገኝም ነበር፤ የተከሰሰ ሰው ራሱን ሲከላከል እንጂ አሠራር ሲያስረዳ እምብዛም አይታይምና።

ቃሉ ለዝቦ ሌላው ሁሉ እንዲከስስ ማድረግም አለ። ከሰውየው ጋር በ«አንተ» የሚነጋገሩ ከሆነ፣ ዛሬ በድንገት «እርስዎ» ብሎ መጻፍ አክብሮት ሳይሆን ኩርፊያ ሆኖ ነው የሚነበበው። የኢሜይሉ ርዕስ «ለ3ኛ ጊዜ የተሰጠ ማሳሰቢያ» ከሆነም ውስጡ ምንም ያህል ቢለዝብ ዋጋ የለውም፤ «የታኅሣሥ ትርፍ ሰዓት፣ እስከ ነገ 10 ሰዓት» ይበቃል። ከሁሉም የሚከፋው ሳይነገረው ለአለቃው ግልባጭ ማድረግ ነው። ግልባጩን ያየ ሰው ለሥራ ባልደረባው ሳይሆን ለአለቃው መልስ መጻፍ ይጀምራል።

አለቃ ፈጽሞ አይግባ ማለት አይደለም። ቆጠራው በ17 እንዲዘጋ ተስማምተው፣ የጥርም የየካቲትም ሰንጠረዥ ከ20 ካለፈ፣ በዚያን ጊዜ የሚጻፈው አጭር ነው፦ «በ20 ለማድረስ ተስማምተን ነበር፤ የጥሩ በ23 ደረሰኝ፣ የየካቲቱ ዛሬ 22 ሆኖም አልደረሰኝም። ለሁለታችንም ኃላፊዎች ነገ ጠዋት አሳውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ልታነጋግረኝ ከፈለግክ እስከ 11 ሰዓት ቢሮ አለሁ።» ይህም ቢሆን «ሁልጊዜ» የለበትም፤ «ለምን» የለበትም። ለኃላፊዎቹ የሚሄደውም ይኸው የቀኖች ዝርዝር ነው፤ ሰውየው አስቀድሞ አይቶታል።