ደረጃው አንድ፣ እርከኑ ሌላ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንተኛ ደረጃ ላይ ነህ?» የሚለው ነው። ከተሞቹ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የመጣውን ዓይነት ድልድልም ሠራተኛው የሚመዝነው በደረጃው ነው። የኑሮውን ልዩነት የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ እርከኑ ነው።

ደረጃ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለመደቡ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የሥራ ምዘና መደቦች በነጥብ ተመዝነው በ22 ደረጃዎች ተቀመጡ። እያንዳንዱ ደረጃ መነሻና ጣሪያ አለው፤ በመካከላቸው እርከኖች ተደርድረዋል። ሠራተኛውን ከእርከን ወደ እርከን የሚያሳድገው በሥራ አፈጻጸም ላይ ተመሥርቶ በየሁለት ዓመቱ ይሰጣል የተባለው ጭማሪ ነው። ሳይቋረጥ ቢሰጥ እንኳ ከመነሻ እስከ ጣሪያ ለመድረስ ሃያ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ሲዘለል ደግሞ ሠራተኛው ባለበት ይቀራል።

በምሳሌ እንየው። በ2011 ስኬል የደረጃ 9 መነሻ 4,609 ብር፣ የደረጃ 10 ደግሞ 5,358 ብር ነበር። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልምድ ያላት ባለሙያ በአሮጌው ስኬል 4,300 ብር ታገኝ ነበር እንበል። ደረጃ 9 ላይ ስትመደብ ደመወዟ ወደ መነሻው ከፍ ይልና 309 ብር ይጨመርላታል። በሚቀጥለው ወር በዚያው ደረጃ የሚቀጠረው ሰውም 4,609 ብር ያገኛል። ደመወዝ ተጨምሮላታል፤ የአገልግሎት ዘመኗ ግን በደመወዟ ላይ አይታይም።

ስለ ደመወዝ ማሻሻያ ስንነጋገር ችላ የምንለው ይህን ነው። በመስከረም 2018 የተጀመረው ማሻሻያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻውን ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አሳድጓል። ጭማሪው ያስፈልግ ነበር፤ የዘገየም ነው። ነገር ግን መነሻው በተነሣ ቁጥር ነባሩ ሠራተኛ በእርከኑ ተመጣጣኝ ቦታ ካልተሰጠው አዲስ ተቀጣሪው ይደርስበታል።

መዘዙ ቢሮ ውስጥ ይታያል። እርከን ካልተንቀሳቀሰ ደመወዝ የሚያድገው መደብ በመቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉን አብጠርጥሮ የሚያውቀው የመሬት ወይም የገቢዎች ባለሙያ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ክፍት መደብ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ወይም ሙያውን ትቶ ለቡድን መሪነት ይወዳደራል። ባለጉዳዩን የሚያስተናግደው ሥራውን ገና እየለመደ ያለ ሰው ይሆናል።

የራስን ቦታ ማወቅ ቀላል ነው። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የደረጃው መነሻ ደመወዝ ነው። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ የእርስዎ ደመወዝ በደረጃዎ ከወጣው ማስታወቂያ ጋር እኩል ከሆነ አሁንም መነሻው ላይ ነዎት። ያን ጊዜ ለሰው ኃይል ክፍሉ የሚቀርበው ጥያቄ ደረጃን አይመለከትም፤ የመጨረሻው የእርከን ጭማሪ መቼ እንደተሰጠና ቀጣዩ ለምን እንደቀረ ነው።