ከአስተዋጽኦ ወደ ስላይድ፦ ለአንድ ሐሳብ አንድ ስላይድ

ለብድር፣ ለመሥሪያ ቦታ ወይም ለሌላ ድጋፍ የሚያመለክቱ ተገልጋዮች አንዳንድ ጊዜ የሥራ ዕቅዳቸውን በስላይድ አስደግፈው በቃል እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ። ለገለጻው የሚፈቀደው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። በአንድ ስላይድ ላይ ሦስት ጉዳዮች ከተደራረቡ ገምጋሚው የመጀመሪያውን አንብቦ ሳይጨርስ ስላይዱ ሊታለፍ ይችላል፤ ብድሩ እንዴት እንደሚመለስ የሚገልጸው መስመርም ሳይታይ ይቀራል። ይህ ማብራሪያ በዎርድ የተጻፈ አስተዋጽኦ በፓወርፖይንት አማካይነት በራሱ ወደ ስላይድ የሚለወጥበትን መንገድ ያሳያል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ኮምፒዩተሩ ሐሳብን ለይቶ የማያውቅ መሆኑ ነው። የሚያውቀው የርእስ ደረጃን ብቻ ነው። በዎርድ ውስጥ `Heading 1` የተሰጠው እያንዳንዱ መስመር የአንድ አዲስ ስላይድ ርእስ ይሆናል። `Heading 2` የተሰጠው በዚያው ስላይድ ውስጥ ነጥብ ሆኖ ይሰፍራል፤ `Heading 3` ደግሞ ከነጥቡ ሥር ገባ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ «ለአንድ ሐሳብ አንድ ስላይድ» የሚለው ሥራ የሚጠናቀቀው በአስተዋጽኦው ላይ እንጂ በፓወርፖይንት ውስጥ አይደለም።

ለምሳሌ አምስት አባላት ያሉት አንድ የዶሮ እርባታ ማኅበር ብድር ጠየቀ እንበል። (አኃዞቹ ለማስረጃ ያህል የቀረቡ እንጂ የወቅቱን ገበያ የሚያመለክቱ አይደሉም።) ማኅበሩ በመጀመሪያው ረቂቅ «የገንዘብ ፍላጎትና አመላለስ» የሚል አንድ ርእስ ሰጥቶ፣ ከሥሩ የቄብ ዶሮዎችን ዋጋ፣ የቤቱን ወጪ፣ የመኖውን ወጪ፣ የአባላቱን ቁጠባ፣ የብድሩን መጠንና ወርኃዊ ክፍያውን ዘረዘረ። ይህ አስተዋጽኦ ቢለወጥ የሚገኘው ስድስት ነጥብ የታጨቀበት አንድ ስላይድ ነው። ፓወርፖይንት የበዛውን ነጥብ ለሁለት ስላይድ አያካፍልም፤ ጽሑፉ ከሣጥኑ ያልፋል ወይም ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሊያነበው እስከማይችል ድረስ ያንሳል።

ርእሱ ሲመረመር ሦስት ሐሳቦችን ይዟል፤ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያ ውስጥ የማኅበሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ እና ብድሩ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ። ማኅበሩ እያንዳንዱን በግሥ የሚታሰር ሙሉ ዐረፍተ ነገር አድርጎ እንደሚከተለው ቢያሻሽለው ይመረጣል።

```
Heading 1  300 ቄብ ዶሮዎች ለማርባት 360,000 ብር ያስፈልጋል
Heading 2    ቄብ ዶሮ፦ 150,000 ብር
Heading 2    ቤትና ኬጅ፦ 90,000 ብር
Heading 2    እንቁላል መጣል እስኪጀምሩ መኖ፦ 120,000 ብር
Heading 1  አባላቱ 60,000 ብር ቆጥበናል
Heading 2    የምንጠይቀው ብድር፦ 300,000 ብር
Heading 1  ብድሩን በ24 ወራት እንመልሳለን
Heading 2    ወለድን ሳይጨምር በወር 12,500 ብር
```

«የገንዘብ ፍላጎት» የሚለው ስያሜ ብቻ ነው፤ «360,000 ብር ያስፈልጋል» የሚለው ግን የሚነገረውን ነገር ራሱን ይናገራል። በርእስ ላይ «ና» ወይም «እንዲሁም» ሲገኝ ሁለት ሐሳብ ተጣምሮ እንደሆነ መጠራጠር ተገቢ ነው። እርግጥ «ና» ሁሉ አይከፈልም። «ቤትና ኬጅ» በአንድ ወጪ የሚጠቃለል በመሆኑ አንድ ነጥብ ሆኖ ይቀጥላል፤ «ፍላጎትና አመላለስ» ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን የሚመልስ ስለሆነ መለያየት አለበት።

ወደ ስላይድ ከመለወጡ በፊት በዎርድ `View` ሥር የሚገኘውን `Navigation Pane` ይክፈቱ። በስክሪኑ ጎን የርእሶቹ ዝርዝር ይታያል፤ ከዝርዝሩ የጎደለ መስመር ወደ ስላይድ አይሻገርም። ብዙ ተገልጋዮች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ርእሱን በእጅ አጉልተውና አድምቀው ስለጻፉት ለዓይን ርእስ ይመስላል፤ ለፕሮግራሙ ግን ተራ ጽሑፍ ነው። መፍትሔው መስመሩ ላይ ጠቋሚውን አድርጎ ከ`Styles` ዝርዝር `Heading 1` መምረጥ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ዳር ላይ የሚቆሙትን ርእሶች ቢቆጥሩ የሚወጡትን ስላይዶች ቁጥር አስቀድመው ያውቃሉ፤ በምሳሌው ሦስት ናቸው።

ዝርዝሩ ሌላም ጉዳይ ያጋልጣል። ሰነዱ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፊደል ቅርጾች የተተየበ ከሆነ፣ በገጹ ላይ አማርኛ ሆኖ የሚነበበው በ`Navigation Pane` ውስጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። በስላይዱም ላይ የሚገጥመው ይኸው ነውና፣ እንዲህ ያለ ሰነድ በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ይኖርበታል።

ቀጥሎ ሰነዱን አስቀምጠው ይዝጉት። በፓወርፖይንት አዲስ ገለጻ ከፍተው ከ`Home` ሥር `New Slide` የሚለውን ጽሑፍ ይጫኑ፤ ከሚወርደው ዝርዝር ግርጌ `Slides from Outline` የሚለውን መርጠው ሰነዱን ያስገቡ። ስላይዶቹ ቀድሞ ከነበረው ባዶ ስላይድ በኋላ ይደረደራሉ፤ ባዶው የማኅበሩ ስምና ቀን የሚጻፍበት መክፈቻ ይሆናል። ፊደሉ ከዎርድ የመጣውን ቀለምና መጠን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ የመጡትን ስላይዶች በሙሉ መርጠው በ`Home` ሥር `Reset` የሚለውን ይጫኑ። ሊብረኦፊስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ተገልጋዮች በራይተር ውስጥ `File`፣ `Send`፣ `Outline to Presentation` በሚለው ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ሲሆን ምክንያቱ ከስላይዶቹ ቁጥር ይታወቃል። ሦስት ስላይድ ተጠብቆ እያንዳንዱ አንቀጽ የራሱን ስላይድ ይዞ ከመጣ፣ በሰነዱ ውስጥ የርእስ ደረጃ የተሰጠው መስመር የለም ማለት ነው። በመካከል ባዶ ስላይድ ከተገኘ፣ ምንም ያልተጻፈበት መስመር `Heading 1` ተሰጥቶት ቀርቷል። አንድ ርእስ ለሁለት ስላይድ ከተቆረጠ ደግሞ፣ ርእሱ ሲረዝም በመካከሉ `Enter` ተጭኗል። ሦስቱንም በዎርዱ ላይ አርሞ እንደገና ማስገባት ስላይዶቹን አንድ በአንድ ከመጠጋገን ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

በርእሶቹ ሥር በተራ ጽሑፍ የተጻፈው ማብራሪያ፣ ሠንጠረዥና ፎቶግራፍ አይሻገሩም። ማብራሪያው ሳይሻገር መቅረቱ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው ማለት ይቻላል፤ በቃል የሚነገር እንጂ በስክሪን የሚነበብ አይደለምና። ተናጋሪው እንዳይረሳው ከፈለገ ከስላይዱ ግርጌ ባለው `Notes` ውስጥ በእጁ ይገልብጠው። የዶሮ ቤቱ ፎቶግራፍ ግን ካስፈለገ ለብቻው መጨመር አለበት፤ የራሱ ርእስ ያለው ስላይድ ቢሰጠውም ይመረጣል።

ገለጻው በሌላ ኮምፒዩተር የሚቀርብ ከሆነ የተጠቀሙበት የአማርኛ ፊደል ቅርጽ እዚያ ላይኖር ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ፊደላቱ ባዶ አራት ማዕዘን ሆነው ሊታዩ ወይም መስመሮቹ ሊዛነፉ ይችላሉ። ስለዚህ ከፓወርፖይንት ፋይሉ ጋር በ`PDF` የተቀመጠ ቅጂ በፍላሽ ይያዙ።