ከመልቀቂያ ደብዳቤ በኋላ ያሉት ሰባት ቀናት

ሥራ የሚለቅ ሰው ደብዳቤውን ብዙ ጊዜ በምስጋና ይሞላዋል። ምስጋናው ክፋት የለውም፤ ሒሳብ ክፍል ግን ከምስጋና ላይ የሚያሰላው ነገር የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ቀሪ ክፍያ እንዲፈጸም ያዛል። ያለ በቂ ምክንያት የሚያዘገይ አሠሪን ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። ነገር ግን ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የተረከበውን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከቆየ ጊዜው ይራዘማል። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። «ክሊራንስ አልጨረስክም» የሚባለው ሠራተኛ፣ መዘግየቱ የእሱ አለመሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገዋል። የሥራ መሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ አይዳኙም።

በአንድ የግል ድርጅት በሽያጭ ሥራ ላይ ያለች ሠራተኛን እናስብ። ደመወዟ 15,600 ብር ነው። ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚጠይቅ ደብዳቤዋን ሰኔ 30 አስገብታ የመጨረሻ ቀኗን ሐምሌ 30 አደረገች። ከዚያ እንዲህ ጻፈች፦

«የደንበኞችን ዝርዝርና ያልተሰበሰበ ዱቤ እስከ ሐምሌ 20 ለተተኪዬ አስረክባለሁ። በእጄ ያሉትን አንድ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ፣ የመጋዘን ቁልፍና ያልተሠራባቸው ሁለት የደረሰኝ ጥራዞች ሐምሌ 28 ለንብረት ክፍል እመልሳለሁ። የሐምሌ ደመወዜና ያልወሰድኩት የ8 ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲከፈለኝ፣ የወሰድኩት የ2,000 ብር ቅድሚያም እንዲቀነስ እጠይቃለሁ።»

ብዙ ድርጅቶች እንደሚያደርጉት ደመወዙ ለ26 ሲካፈል የቀኑ 600 ይሆናል፤ የስምንት ቀን ፈቃድ 4,800 ማለት ነው። ከደመወዙ ጋር 20,400፣ ቅድሚያው ሲነሣ 18,400 ብር፤ ግብርና ጡረታ ገና አልተቆረጠም። ዕዳዋን ራሷ መጻፏ አይጎዳትም። እንዲያውም በኋላ «ቅድሚያው አልተጣራም» የሚለውን ሰበብ ያሳጣል።

ከሁሉ በላይ ሥራ የሚያጓትተው የደረሰኝ ጥራዝ ነው። አንድ ቅጠል ከጎደለ ሒሳብ ክፍል ፊርማ አይሰጥም፤ ስለዚህ ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደሆነ ርክክቡ ላይ ይጻፋል። ላፕቶፑን «እገሌ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ» ማለት መመለስ አይደለም። ዓይነቱ፣ መለያ ቁጥሩና ጉዳት ካለበት ጉዳቱ ተጽፎ፣ የተረከበው ሰው የፈረመበት ቅጂ እጅ ላይ መቅረት አለበት። የደብዳቤው ቅጂም በመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ያርፍበት።

አንዳንዱ ደግሞ «ገንዘቤ ካልተሰጠኝ ቁልፉን አልመልስም» ብሎ ይጽፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ለአሠሪው የማዘግያ ምክንያት በነጻ መስጠት ነው።

በሒሳቡ ካልተስማሙ አሠሪው ያመነበትን ያህል በዚያው 7 ቀን መክፈል አለበት። ያኔ «ከእንግዲህ ምንም ቀሪ የለኝም» የሚል ቅጽ ቢቀርብ፣ ያልተከፈለው ሳይጻፍበት አይፈረምም። ልዩነቱን በፍርድ ቤት ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ውሉ ከተቋረጠ ጀምሮ 6 ወር ነው።