የጀበናው አንገት ለምን ይሰበራል?

ጀበና በፖስታ ወይም በኩሪየር ተልኮ ሲሰበር ብዙ ጊዜ ሆዱ ደህና ነው፤ የሚሄደው አንገቱ ወይም እጀታው ነው። ነጋዴዋ ለደንበኛዋ ገንዘቧን ትመልሳለች። ካሳ ስትጠይቅ ግን አጓጓዡ «አስተሻሸጉ በቂ አልነበረም» ሊላት ይችላል።

ብዙዎች ካርቶኑ ላይ «ተሰባሪ» ብለው ይጽፉና ይረጋጋሉ። ዕቃ የሚያመላልሰው ማሽን ግን ጽሑፍ አያነብም፤ ካርቶኑ ይንሸራተታል፣ ይገለበጣል፣ ከላዩም ከባድ ዕቃ ይጫንበታል። ስለዚህ መታሸግ ያለበት እንደሚወድቅ ታስቦ ነው። ኢስታ የተባለው የማሸጊያ ፍተሻ ማኅበር በአንደኛው ፈተናው ከ9 ኪሎ ያልበለጠን ጥቅል ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አሥር ጊዜ ይጥለዋል፦ አንዴ በማዕዘኑ፣ ሦስቴ በጠርዞቹ፣ ስድስቴ በስድስቱም ጎኖቹ።

ሸክላን የሚሰብረው መውደቁ ብቻ ሳይሆን በድንገት መቆሙ ነው። ከሥሩ ያለው ልስላሴ ቀስ እያለ ከተጨመቀ ጀበናውም ቀስ ብሎ ይቆማል፤ ካርቶኑን ከነካ ግን ምቱ በቀጥታ ይደርሰዋል። ምቱ ደግሞ ቀጭኑን ቦታ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሥራው ከአንገቱ ይጀምራል። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት በተጨማደደ ወረቀት ይሞላል፤ በአንገቱ ዙሪያም ከሆዱ ስፋት ጋር እስኪስተካከል ወረቀት ይጠመጠማል። ጀበናው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቅርጽ ሲይዝ ምቱ አንገቱ ላይ አይከማችም። ከዚያ በአረፋ ፕላስቲክ ሁለት ሦስት ዙር ይጠቀለላል፤ በማቶት ላይ እንደሚቀመጠው ሁሉ ከሥሩ የወረቀት ቀለበት ተደርጎለት ልክ በሚሆነው ካርቶን ውስጥ ይገባል። ሲኒዎች እርስ በርስ አይደራረቡም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻ ተጠቅልለው በጎናቸው ይቆማሉ።

አሁንም አልተጨረሰም። ትንሹ ካርቶን በሁሉም ጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት በሚተርፍበት ትልቅ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል፤ ትንሹ 30 በ30 ከሆነ ትልቁ 40 በ40 ማለት ነው። ክፍተቱ ከሥርም ከላይም ጥብቅ ተደርጎ ይሞላል። ላላ ያለ ጋዜጣ በመኪና ንዝረት እየተጨመቀ ይሄድና ዕቃው ወርዶ ሥሩን ይነካል። ብዙ ጊዜ ያገለገለ ካርቶንም ጥንካሬውን አጥቷልና ለውጪው አይሆንም። ፕላስተሩ መሐል መጋጠሚያውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ጫፎች መያዝ አለበት።

ሲወዘወዝ የሚንኳኳ ነገር ካለ እንደገና ይከፈት። ጠርዙ ተላጦ የማይሸጥ ጀበና ያላት ነጋዴ እሱኑ አሽጋ ከጠረጴዛ ከፍታ ደጋግማ ትጣለው። ከፍታ ስታየው ስብራቱ ራሱ ይነግራታል፦ እጀታው ከተነቀለ ክፍተቱ አልተሞላም፤ ሆዱ ከተሰነጠቀ ሥሩ ቀጭን ነው።

ከመታሸጉ በፊት የእያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሺ፤ ደንበኛሽንም ዕቃው ተሰብሮ ከደረሰ ካርቶኑንና ማሸጊያውን እንዳትጥል አስቀድመሽ ንገሪያት። አጓጓዡ ካሳ ከመክፈሉ በፊት እነሱን ለማየት ሊጠይቅ ይችላል።