መስመሮቹ የት ተቀራረቡ?

ከስታቲስቲክስ ተማሪ ስልክ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ አይጠፋም፦ ከመጽሐፍ ገጽ ወይም ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ በጥድፊያ የተነሣ፣ ከላይ ሁለት መስመሮች ያሉት ግራፍ፣ ከሥሩ ደግሞ የአኖቫ ሠንጠረዥ። መስመሮቹ ጎን ለጎን አይጓዙም፤ ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር ይቀራረባሉ። ብዙው ተማሪ ይህን ሲያይ «መስተጋብር አለ» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ዋናው ጥያቄ ግን ገና አልተነካም።

ለዚህ የሚመች እውነተኛ ምሳሌ R በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ToothGrowth በሚል ስም ተቀምጧል። መረጃው ክራምፕተን የተባለ ተመራማሪ በ1947 ካሳተመው ጥናት ጋር የተያያዘ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በጊኒ ፒጎች ላይ ነው፤ እነዚህ እንስሳት እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን ራሳቸው መሥራት ስለማይችሉ ከምግብ ማግኘት አለባቸው። 60 ጊኒ ፒጎች በስድስት ምድብ ተከፈሉ፣ በየምድቡ 10። ግማሾቹ ቫይታሚኑን ከብርቱካን ጭማቂ፣ ግማሾቹ ከንጹሕ አስኮርቢክ አሲድ አገኙ። መጠኑም በቀን 0.5፣ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ነበር። የተለካው ጥርስን የሚያሳድጉት ሴሎች ርዝመት ነው።

መጠኑን እንደ ሦስት ምድብ ቆጥሮ አኖቫ ሲሠራ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ይህ ነው፦

```
            Df Sum Sq Mean Sq F value   Pr(>F)
supp         1  205.4   205.4  15.572 0.000231
dose         2 2426.4  1213.2  92.000  < 2e-16
supp:dose    2  108.3    54.2   4.107 0.021860
Residuals   54  712.1    13.2
```

ስለ መስመሮቹ ትይዩነት የሚናገረው ሦስተኛው ረድፍ ነው። supp የቫይታሚኑ ምንጭ፣ dose መጠኑ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ሁለት ነጥብ ደግሞ «የምንጩ ልዩነት በየመጠኑ ይለያያል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ይወክላል። በስተቀኝ ያለው 0.0219 ትርጉሙ ይህ ነው፦ እውነተኛዎቹ መስመሮች ፍጹም ትይዩ ቢሆኑ ኖሮ፣ በአጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ መዛነፍ የሚታየው ከመቶ ሁለት ጊዜ ገደማ ነው። ስለዚህ ዝንፈቱን ለአጋጣሚ መስጠት ያስቸግራል። ግን ረድፉ ዝንፈቱ የት እንዳለ አይናገርም። ለዚያ ወደ አማካዮቹ መመለስ ግድ ነው።

የጭማቂው አማካዮች በቅደም ተከተል 13.23፣ 22.70 እና 26.06 ናቸው። የአስኮርቢክ አሲዱ ደግሞ 7.98፣ 16.77 እና 26.14። መስመሮቹን አንድ በአንድ መከተል ይበጃል። አስኮርቢክ አሲዱ ከመጀመሪያው መጠን ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ 8.79 ጨመረ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደግሞ 9.37። እኩል ሊባል በሚችል እርምጃ ወጥቷል ማለት ነው። ጭማቂው ግን መጀመሪያ 9.47 ጨምሮ፣ ቀጥሎ 3.36 ብቻ ጨመረ። መስመሮቹን ያቀራረበው የጭማቂው መዘግየት ነው፤ አሲዱ በድንገት አልተፈተለከም። «መስተጋብር አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ይደብቃል።

በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ይህንኑ ይደግማል። በ0.5 ላይ 5.25፣ በ1 ላይ 5.93፣ በ2 ላይ ግን ከዜሮ በታች 0.08 ነው። ከሠንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ 13.2ን ወስዶ፣ በ2 አባዝቶ፣ ለ10 አካፍሎ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት የአንድ ክፍተት ስታንዳርድ ኤረር ይሰጣል፤ 1.62 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍተት ወደ ላይም ወደ ታችም 3.3 ያህል ሊዛነፍ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መጠኖች ጭማቂው በግልጽ ይበልጣል። በሦስተኛው በሁለቱ መካከል ልዩነት አይታይም። ያቺ 0.08 ግራፉ ላይ መስመሮቹ ሲሻገሩ ብታሳይም፣ «አሲዱ በከፍተኛ መጠን ይበልጣል» ብሎ መጻፍ ከ3.3 ስፋት አንጻር ምንም መሠረት የለውም።

የሠንጠረዡን የመጀመሪያ ረድፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ሌላ ስህተት ውስጥ ይወድቃል። የፒ-ቫልዩው 0.000231 ነው፤ «ጭማቂ ከአሲድ ይሻላል» ለማለት ያደፋፍራል። አማካይ ልዩነቱም 3.70 ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሦስቱ ክፍተቶች አማካይ ነው። ሁለቱ ከእርሱ በላይ ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ዜሮ አካባቢ። በቀን 2 ሚሊግራም ለሚያገኝ እንስሳ 3.70 የሚባል ጥቅም በመረጃው ውስጥ አይታይም። መስተጋብሩ ጉልህ ሲሆን የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻውን መተርጎም የማይመከረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ፤ ካሜራም የራሱን መስተጋብር ይፈጥራልና። ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ካልሆነ፣ ራቅ ያለው የገጹ ጎን አነስ ብሎ ይታያል፤ ትይዩ የነበሩ መስመሮችም ወደዚያ ጎን ይጠባሉ። የተገላቢጦሹም ይቻላል፤ በእውነት የሚቀራረቡት ትይዩ ሊመስሉ ይችላሉ። ዘዴው የግራፉን ሳጥን መመልከት ነው። የሳጥኑ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ወደ አንድ ወገን ከጠበቡ፣ ዓይን ስለ መስመሮቹ የሚሰጠው ፍርድ መታመን የለበትም። ግራፉ ፍርግርግ ካለው፣ እያንዳንዱን ነጥብ በቅርቡ ካሉት የፍርግርግ መስመሮች ጋር አነጻጽሮ ዋጋውን መገመት ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሠንጠረዡን ማየት ነው፤ ቁጥር በፎቶ መዛባት ዋጋው አይለወጥም።

አንድ ነገር ግን ካሜራው አይፈጥርም። የገጹ ማዘንበል ትይዩነትን ቢያበላሽም፣ በግራፉ ውስጥ የማይገናኙ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮችን እዚያው ውስጥ አያሻግርም። ፎቶው ላይ መሻገር ከታየ ወረቀቱ ላይም አለ ማለት ነው። (መስመሮችን የሚያጎብጥ ርካሽ ሌንስ ሲሆን ነገሩ ይለያል።) በርግጥ ወረቀቱ ላይ መኖሩ ብቻውን፣ ከላይ በ0.08 እንደታየው፣ በእንስሳቱ ላይ አለ ማለት አይደለም።

የታችኛው አክሲስም ዓይንን ያታልላል። interaction.plot የተባለው የR ትዕዛዝ፣ እንደተለመደው ሲሠራበት፣ 0.5ን፣ 1ን እና 2ን በእኩል ርቀት ያስቀምጣቸዋል። ከ1 እስከ 2 ያለው ልዩነት ግን ከ0.5 እስከ 1 ካለው እጥፍ ነው። አክሲሱ በትክክለኛው ርቀት ቢሠራ የአሲዱ መስመር ራሱ በሁለተኛው ክፍል ለጠጥ ይላል፤ በየመጠኑ ያለው ክፍተት ግን አይለወጥም። መስመሮቹ ከ1 በኋላ ቀጥ ብለው መቀራረባቸውም የሥዕል ውጤት ነው። በ1.5 ሚሊግራም የተሞከረ እንስሳ የለም፤ ስለዚህ ጭማቂው ብልጫውን ወዲያው ከ1 በኋላ ይጣው ወይስ 2 ሊደርስ ሲል፣ ይህ መረጃ ሊለይ አይችልም።